ከደሞዝ ወደ ራስ ሥራ፦ የአንድ የድሬዳዋ ዲዛይነር ሂሳብ

«29 ዓመቴ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት በግራፊክ ዲዛይነርነት ስሠራ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ተቆራርጦ እጄ ላይ የሚደርሰኝ 16,000 ብር ነው። ማታ ማታ የራሴን ሥራ እሠራለሁ፤ የሠርግ ካርድ፣ ሎጎ፣ ባነር፣ የካፌ ሜኑ። ባለፈው ጥር ከደሞዜ ውጭ 48,000 ብር ገባልኝ። የደሞዜ ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ባለቤቴ ለጊዜው ሥራ ላይ አይደለችም። አንድ ልጅ አለን። ሳቢያን ተከራይተን ነው የምንኖረው፤ በወር የግድ 15,000 ብር ያስፈልገናል። ለቅቄ የራሴን ሥራ ሙሉ በሙሉ ልያዝ? የዓመቱን የገቢ ማስታወሻዬን አያይዣለሁ።»

አሁን አትልቀቅ። ግን እንዳለህም አትቀጥል። በመሃል ሌላ መንገድ አለ፤ ወደ እሱ የምመጣው ጥር ላይ ያየኸውን 48,000 ብር አብረን ከፈታን በኋላ ነው።

ማስታወሻህ ላይ በጥር ወር ለማተሚያ ቤት የከፈልከው 29,000 ብር ነው። ይሄ ብር በእጅህ አለፈ እንጂ ያንተ ሆኖ አያውቅም። የቀረህ 19,000 ነው። በዚያው ወር አንድ ካርድ ላይ የሙሽራዋ አባት ስም ተሳስቶ ታትሞ በራስህ ወጪ እንደገና አሳትመሃል፤ 3,000 ብር ሄደ። 16,000 ቀረ። ለኢንተርኔትና ለባጃጅ 2,000 ጽፈሃል። 14,000 ሆነ። ያልጻፍከው ደግሞ ላፕቶፑን ነው። በ96,000 ብር ገዝተኸዋል። በዚህ ሙቀትና በሚቆራረጥ መብራት አራት ዓመት ቢያገለግልህ በወር 2,000 ብር ይበላል ማለት ነው። አሁን ካልቆጠርከው በአራተኛው ዓመት በአንድ ጊዜ ይጠይቅሃል። ስለዚህ የዓመቱ ምርጥ ወርህ በትክክል ያስገኘልህ 12,000 ብር ነው። ግብር ገና አልነካነውም። ሦስት እጥፍ ያልከው ገቢ ከደሞዝህ በ4,000 ያንሳል።

ይህን የምለው ሥራህን ለማሳነስ አይደለም። እዚህ ከተማ የዲዛይነሮችን ሂሳብ ስይዝ ደጋግሜ የማየው ነገር ነው። ሰው ደሞዙን ሲቆጥር የተጣራውን ይቆጥራል፣ የጎን ሥራውን ሲቆጥር ግን የገባውን በሙሉ። ሁለቱ አይወዳደሩም። ደሞዝህ ላይ ደግሞ አንተ የማታየው ነገር አለ። አሠሪህ በስምህ የደሞዝህን 11 በመቶ ለጡረታ ያስገባል፣ ከአንተም 7 በመቶ ይቆረጣል። የአገልግሎት ዘመንህ 10 ዓመት ካልሞላ በየወሩ የሚከፈል የጡረታ አበል አታገኝም። አንተ ስድስተኛው ላይ ነህ። ይቺን ነጥብ ያዛት።

ቀጥሎ የጠየቅኩት ገንዘቡ ለምን ጥር ላይ ተከመረ የሚለውን ነው። መልሱ ቀላል ነው። ከገቢህ ትልቁ የሠርግ ካርድ ነው፣ ጥር ደግሞ ሠርግ ነው። የካቲት ላይ 3,500፣ መጋቢት ላይ 5,000 ጽፈሃል። ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይነሳል። ሰኔና ሐምሌ ላይ የምረቃ ባነር፣ ሐምሌ 19 እና ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ ደግሞ ለቁልቢ የሚሄዱ ማኅበራት ቲሸርት ይመጣል። በመሃሉ ጭር ይላል።

2018 ዓ.ም. ላይ ጭርታው የባሰበት ምክንያት አለው። ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ገባ፣ ረመዳን ደግሞ በዚያው ሳምንት። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሠርጉን በአንድ ጊዜ አቆመ። ድሬዳዋ እንዲህ ዓይነት ዓመት ሲመጣ የካርድ ሥራ የሚሠራ ሁሉ ይደርቃል። 2019 ግን የተለየ ነው። ረመዳን የካቲት 1 አካባቢ ይገባል፤ ጨረቃዋ በአንድ ቀን ወዲህ ወዲያ ልታደርገው ትችላለች። ዐቢይ ጾም የሚገባው የካቲት 29 ነው። ማለትም አንዱ ሊያልቅ ሲል ሌላው ይጀምራል። በየካቲት ክርስቲያኑ ይሠርጋል፣ ከዒድ በኋላ ባሉት የመጋቢትና የሚያዝያ ሳምንታት ሙስሊሙ ይሠርጋል። ገበያው ቢቀዘቅዝም አይዘጋም። ለሁለቱም የሚሠራ ሰው ከሆንክ ማለት ነው።

አንተ ግን ለሁለቱም እየሠራህ አይደለም። ማስታወሻህ ላይ በ2018 ከዒድ በኋላ አንድም የሠርግ ካርድ የለም። በዚያ ሰሞን መጋላ ሰፈር ውስጥ ለሙስሊም ሠርግ ካርድ ሲታዘዝ እንደነበር አውቃለሁ። የላክልኝን ናሙናዎች ሳይ ሁሉም በአማርኛ ብቻ ናቸው። ድሬ ላይ ይሄ ገበያን በግማሽ መቁረጥ ነው። በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛ፣ በአረብኛ የተሠራ ናሙና ከሌለህ ደንበኛው «ይሄ ልጅ የኛን አይሠራም» ብሎ ያልፍሃል፤ መጥቶ አይጠይቅህም።

ቋንቋውን ግን አትችልም ይሆናል። እዚህ ላይ ተጠንቀቅ፤ የ3,000 ብሩ ስህተት የተከሰተው እንኳ በምትችለው ቋንቋ ነው። የማታነበውን ጽሑፍ ከፎቶ ላይ እያየህ አትተይብ፤ ደንበኛው በቴሌግራም በጽሑፍ ይላክልህ፣ አንተ ገልብጠህ ለጥፍ። አረብኛ ላይ ፊደሎቹ ተበጣጥሰው ወይም ከግራ ወደ ቀኝ ዞረው ሊገቡ ስለሚችሉ፣ ማንበብ የሚችል ሰው ሳያየው ወደ ማተሚያ አይሂድ። የመጨረሻውን ምስል ስትልክ ደንበኛው ስሞቹን፣ ቀኑንና ቦታውን አይቶ «አይቼዋለሁ፣ ይታተም» ብሎ እንዲጽፍልህ አድርግ። ስልክ ላይ «እሺ ደህና ነው» ያለህን ሰው በኋላ አታስታውሰውም፣ እሱም አያስታውሰውም።

የማተሚያውን ብር ደግሞ ከእጅህ አውጣው። ደንበኛው ቀጥታ ለማተሚያ ቤቱ ይክፈል፣ ለአንተ የዲዛይንህን ብቻ። «ደንበኛው ማተሚያ ቤቱን ካወቀው ቀጣይ ጊዜ እኔን ዘሎ ይሄዳል» ትለኝ ይሆናል። አንዳንዱ ይሄዳል። ቢሆንም ጥቅሙ ይበልጣል። ወረቀት ቢወደድ ልዩነቱን የምትሸፍነው አንተ አትሆንም። ደንበኛው ቢጠፋ የታተመ ካርድ ታቅፈህ አትቀርም። በስምህ ደረሰኝ መቁረጥ ስትጀምር ደግሞ በእጅህ ያለፈው ብር ሁሉ ያንተ ሽያጭ ተብሎ ይቆጠራል፤ ላላተረፍክበት 29,000 ብር የወጪ ማስረጃ ፍለጋ አትሯሯጥም።

እዚህ ላይ አንድ የማይወደድ ነገር ልናገር። ድሬ ላይ ዲዛይን ለብቻው እምብዛም አይሸጥም። ማተሚያ ቤቶቹ በር ላይ «ዲዛይን በነፃ» ብለው ይለጥፋሉ። በነፃ የሚያደርጉት ከኅትመቱ ስለሚያተርፉ ነው። አንተ በካርድና በሎጎ ብቻ ከእነሱ ጋር ስትፎካከር ከዜሮ ብር ጋር ነው የምትፎካከረው። በችሎታ ትበልጣቸው ይሆናል፣ ግን ለአንድ ጊዜ ካርድ የሚመጣ ሰው ልዩነቱን ለማየት ጊዜ የለውም። ማተሚያ ቤት የማይሠራው በየወሩ የሚቀጥለውን ሥራ ነው፤ የካፌውን የቴሌግራምና የፌስቡክ ምስሎች፣ ዋጋ በተለወጠ ቁጥር የሚስተካከል ሜኑ፣ የትምህርት ቤት ማስታወቂያ፣ የክሊኒክ መረጃ። ቤት ኪራይ የሚከፈለው በየወሩ ስለሆነ የሚከፍለውም ገቢ በየወሩ የሚገባ መሆን አለበት። የሠርጉን ገንዘብ ለሌላ ነገር እናስቀምጠዋለን።

ማስታወሻህ ውስጥ የወደፊት ወርሃዊ ደንበኞችህ ተቀምጠዋል፣ አላየሃቸውም እንጂ። ከዚራ ያለው ካፌ በዓመት አምስት ጊዜ መጥቷል። ሳቢያን ያለው ክሊኒክ አራት ጊዜ። አንድ የግል ትምህርት ቤት ሦስት ጊዜ። ሦስት ጊዜ የተመለሰ ሰው ሥራህን ወዶታል፤ እያንዳንዱን ሥራ እንደ አዲስ መደራደር ግን ሁለታችሁንም አድክሟል። ሂድና አነጋግራቸው። የካፌው ባለቤት መጀመሪያ የሚልህን ልንገርህ፤ «አቦ፣ በየወሩ ምን አለኝና ነው በየወሩ የምከፍልህ?» ይልሃል። ያኔ ስለ ዲዛይን ጥራት አታውራ። ባለፈው ዓመት ያሠራውን ዝርዝርና የከፈለውን ድምር አሳየው። ከዚያ በወር 4,200 ብር ስምንት የማኅበራዊ ሚዲያ ምስል፣ አንድ የሜኑ ማስተካከያና ለበዓል አንድ ፖስተር እንደምትሠራለት ንገረው። የሁለት ወር ሙከራ አቅርብለት። እምቢ ካለ አትለማመጥ፤ በነጠላ ዋጋ ይቀጥል፣ ነጠላ ዋጋው ግን ከፍ ይበል።

ውሉ አንድ ገጽ ይበቃዋል። የሥራው ብዛት በቁጥር ይጻፍ። ማስተካከያ በአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ በላይ በክፍያ። ክፍያው ወሩ በገባ በአምስት ቀን ውስጥ፣ ማለትም ከሥራው በፊት። ማቋረጥ የፈለገ ወገን የ30 ቀን ማስታወቂያ ይስጥ። ሶርስ ፋይሉ፣ ማለትም እንደገና ሊስተካከል የሚችለው የዲዛይኑ ዋና ፋይል፣ የማን እንደሆነም ይጻፍ። ይሄ የመጨረሻው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው። በኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት በትእዛዝ የተሠራ ሥራ የኢኮኖሚ መብቱ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ያዘዘው ሰው ነው። ስለዚህ ሥራውን በናሙናነት ለማሳየት ወይም ቅርጹን ለሌላ ደንበኛ ለመጠቀም ከፈለግህ ውሉ ላይ አስፍረው። በአሠሪህ ሰዓትና ኮምፒውተር የሠራኸውን ደግሞ አሠሪህ «የኔ ነው» ሊል ይችላል፤ የማታ ሥራህን ቢሮ ከፍተህ የምትሠራበት ልማድ ካለ ዛሬውኑ ተወው።

አሁን ወደ መሃለኛው መንገድ። ሙሉ በሙሉ ብትለቅ 15,000 ብር ቤትህ እንዲገባ በወር ወደ 22,000 ብር የወርሃዊ ውል ያስፈልግሃል። 4,000 ለኢንተርኔት፣ ለባጃጅና ለላፕቶፕ፣ 3,000 ለግብር ለይተህ ብታስቀምጥ የሚተርፈው 15,000 ነው። በ4,200 ብር ሂሳብ ከአምስት በላይ ቋሚ ደንበኛ ማለት ነው። ዛሬ አንድም የለህም። ልጅ ያለው ሰው ከዜሮ ተነስቶ ወደ አምስት አይዘልም።

ግማሽ ቀን ብትሠራስ? ድሬዳዋ ላይ ይሄ ከአዲስ አበባ ይልቅ ይቀላል። እዚህ በሙቀቱ የተነሳ ቀኑ ራሱ ለሁለት የተከፈለ ነው። ጠዋት በማለዳ ይገባል፣ እኩለ ቀን ላይ ረጅም እረፍት አለ፣ የከሰዓቱ ክፍል አጭር ነው። ለአሠሪህ «የጠዋቱን ብቻ ልሥራ» ብትለው ከዕለቱ ሥራ ትልቁን ክፍል እያገኘ ግማሽ ደሞዝ ይከፍላል። ስድስት ዓመት የሠራ ሰው ከሚለቅበትና አዲስ ሰው ከሚያሠለጥን ብዙ አሠሪ ይህን ይቀበላል። እጅህ ላይ 8,000 ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ይደርስሃል። የጡረታ መዋጮው በግማሹ ደሞዝም ቢሆን አይቋረጥም፣ ዓመቱም መቆጠሩን ይቀጥላል። ከወርሃዊ ውል የምትፈልገው 7,000 ብር ብቻ ይሆናል። ለወጪው 4,000፣ ለግብር 1,500 ጨምርበት፤ 12,500። ሦስት ደንበኛ በ4,200 ይሸፍነዋል። ካፌው፣ ክሊኒኩና ትምህርት ቤቱ።

ሰዓቱም ይበቃል ወይ ብለህ ጠይቅ። አንድ እንደዚህ ያለ ውል በወር 12 ሰዓት ያህል የእጅ ሥራ አለው። ሦስቱ 36 ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ በቀን አራት ሰዓት ብታገኝ በወር 88 ሰዓት ገደማ ነው። ከዚህ ግማሹ የሚሄደው ደንበኛ በመጠበቅ፣ ዋጋ በመነጋገር፣ ክፍያ በመከታተልና መብራት እስኪመጣ በመቀመጥ ነው። 44 ሰዓት ይቀርሃል። ይበቃል፣ ግን ብዙ አይተርፍም። ከሰዓት በኋላ ለደንበኛ ደውለህ አትድከም፣ በርጫ ላይ ነው ወይ ተኝቷል። ያንን ሰዓት ለእጅ ሥራው ተጠቀምበት፣ ስልኩን ለምሽት አድርገው።

የሠርጉ፣ የምረቃውና የቁልቢው ገንዘብ በሙሉ ተለይቶ ይቀመጥ። ከሱ አስቤዛ አይገዛም። ለብቻው የባንክ ሂሳብ ክፈትለት፣ ለባለቤትህም ንገራት፤ አንተ የማታውቀው ወጪ ሁልጊዜ ከቤት ይመጣል። 60,000 ብር ሲሞላ የአራት ወር የግድ ወጪ አለህ ማለት ነው።

ንግድ ፈቃዱን አታዘግየው። ክሊኒክና ትምህርት ቤት ያለ ደረሰኝ በቋሚነት ሊከፍሉህ አይችሉም። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር በቅጥርህ ምክንያት አለህ፤ ፈቃዱን የምታወጣው በዚያው ቁጥር ነው። የደሞዝ ግብርህን አሠሪህ ይቆርጣል፣ የንግድ ገቢህን ግን ራስህ ለብቻው ታሳውቃለህ። አንዴ ፈቃድ ካወጣህ ሥራ የሌለበት ዓመትም ቢሆን ማሳወቅና ማሳደስ ግዴታ ነው። «ዘንድሮ ስላልሠራሁ» ብሎ የቀረ ሰው ቅጣት ተከማችቶበት ነው የሚመጣው። ከማመልከትህ በፊት የቅጥር ውልህን አንብብ። ተመሳሳይ ሥራ ውጭ መሥራትን የሚከለክል አንቀጽ ካለው የግማሽ ቀኑን ስምምነት ስትፈራረም ያ አንቀጽ በጽሑፍ ይነሳልህ። በቃል «ችግር የለውም» ማለት አይበቃም፤ ኃላፊው ይቀየራል።

አንድ ፈተና ቀድመህ እወቀው። ከሦስቱ ቀጥሎ አንድ ትልቅ ድርጅት፣ ሆቴል ወይም ፋብሪካ፣ ይመጣና በወር 15,000 ብር ሊያቀርብልህ ይችላል። ያኔ ግማሽ ቀኑንም መተው ያምርሃል። ከወርሃዊ ገቢህ ከሲሶ በላይ ከአንድ ደንበኛ ከመጣ ግን ደሞዝተኛ ሆነሃል፤ ያለ ጡረታ፣ ያለ ዓመት ፈቃድ። ትልልቆቹ አከፋፈላቸው ይዘገያል፤ በፊርማ ብዛት ሁለትና ሦስት ወር ሊሄድ ይችላል። ተቀበለው፣ ግን ብሩ ወደ ተለየው ሂሳብ ይግባ፣ እንደሌለ ቁጠረው። የሚበላሸውን ውል የምታውቀው በሁለተኛው ወር ነው። ክፍያው በአምስተኛው ቀን ሳይገባ «ሥራውን ላክና ነገ እንልካለን» ካሉህ፣ አትላክ። ሦስተኛው ወር ላይ እንደዚያው ከሆነ የ30 ቀኑን ማስታወቂያ ስጥ።

ሙሉ በሙሉ የምትለቅበትን ቀን በስሜት አትወስን። የወርሃዊ ውሎችህ ድምር ወጪና ግብር ተቀንሶ 15,000 ብር አልፎ፣ የ2019ን ሁለት ጾሞችና ክረምቱን ከዚያ በታች ሳይወርድ ከዘለቀ፣ 60,000ውም ሳይነካ ከቆየ፣ ልቀቅ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የምትሰጠው ማስታወቂያ 30 ቀን ነው። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ በግማሽ ቀኑ ቆይ። በግማሽ ቀን አራትና አምስት ዓመት መቆየትም ነውር የለበትም፤ የጡረታ አሥር ዓመትህ የሚሞላው እዚያው ላይ ነው።

አሠሪህ ግማሽ ቀኑን እምቢ ቢል ሙሉ ደሞዝህን ይዘህ ሁለት ወርሃዊ ደንበኛ ብቻ ውሰድ፣ ነጠላ ሎጎና ባነር ተው፣ በስድስት ወር ተመልሰህ ጠይቀው። ጥያቄውን የምታቀርብለት ደግሞ ሐምሌ ሳይወጣ ይሁን። ነሐሴና መስከረም የካሌንደርና የአጀንዳ ጥድፊያ ስለሆነ ማንም አሠሪ በዚያ መሃል ሰዓትህን ሊቀንስ አይፈልግም። ከደብዳቤው ጋር የትኞቹን ሥራዎች በጠዋቱ ሰዓት ጨርሰህ እንደምታስረክብ በዝርዝር አያይዝ።